የ66 ቁራሽ ኬክ ሂሳብ

ባለፈው ዓመት ከልጄ ትምህርት ቤት የማታ ዝግጅት ስመለስ 66 ቁራሽ ኬክ ይዤ ነበር። ገዝቼው እንዳይመስላችሁ። የወላጅ ኮሚቴው ባዘጋጀው የኬክና የኩኪስ ሽያጭ ላይ የተረፈ ነው። ካርቶኖቹን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ደረደርኳቸው። ልጄ መሀላቸው ተጨናንቃ ተቀምጣ "አባዬ፣ ነገም ቁርሳችን ኬክ ነው?" አለችኝ። ነበር። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

የሚገርመው፣ ያን ዕለት ማታ ብዙ ሰው እያማረረ ነው የሄደው። ብራውኒው ዝግጅቱ ሳይጀመር በ25 ደቂቃ ውስጥ የውሃ ሽታ ሆነ። በእረፍት ሰዓት የወጣው ሰው ጠረጴዛው ጋ እየመጣ "ያ ቸኮሌቱ የለም?" ይላል። የለም። "እሺ ምን አለ?" ይላል። ተቆራጩን ኬክ እናሳየዋለን። "አይ፣ ይሁን፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ይሄዳል። በአንድ ምሽት አነሰም ተረፈም።

ዘንድሮ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አፌን መያዝ አቃተኝና "መጠኑን አስቀድመን እናስላው" አልኩ። ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ሐሳቡን ያመጣ ሥራውንም ይወስዳል። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "እንግዲያው አንተው ጻፍልንና ለሚቀጥለው ሳምንት አምጣው" አሉ። እኔ የምችለው መጋገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጄ ጋር እጋግራለሁ። ፕሮፖዛል ግን ጽፌ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቄ አራት መስመር ነበረች። 320 ሰው ይመጣል። አንድ ሰው ሁለት ሁለት ቢገዛ 640 ፍሬ። ለአራት ዓይነት እኩል ስናካፍለው 160፣ 160። አለቀ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ማታ ሳስበው ግን ባለፈው ዓመትም የሠራነው እንዲሁ በግምት ነው። ያኔም አንድ ሰው ተነስቶ "ይህን ያህል ሰው ይመጣል" አለ፣ ሌላው "ይህን ያህል ፍሬ አይበዛም" አለ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የእኔ 66 ቁራሽ የመጣው ከዚያ መነቅነቅ ነው።

ገንዘብ ያዣችን ጠንቃቃ ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ጠረጴዛው ላይ የገባውንና የቀረውን በአንዲት የልጅ ደብተር ቆጥራ ጽፋ ነበር። ደውዬ ለመንኳት። ገጹን በስልክ አንስታ ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦ ብራውኒ 48 ገባ፣ ምንም አልቀረም። ኩኪስ 150 ገባ፣ 30 ቀረ። ካፕኬክ 72 ገባ፣ 12 ቀረ። ተቆራጭ ኬክ 100 ገባ፣ 66 ቀረ። ያቺን 66 ሳያት ሳቄ መጣ።

ደመርኩት። የገባው 370፣ የቀረው 108፣ የተሸጠው 262 ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ደግሞ በወንበር ቆጠራ ወደ 260 ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በአማካይ የገዛው አንድ ፍሬ ነው። ሁለት አይደለም። ይሄ ማለት ሁሉም አንድ አንድ ገዛ ማለት ግን አይደለም። አንዱ ለቤተሰቡ አምስት ይወስዳል። ሦስቱ ምንም ሳይገዙ ያልፋሉ። አማካዩ ግን አንድ ነው፤ ለመጋገር የሚያስፈልገን ደግሞ አማካዩ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የተሸጠው ቁጥር የተፈለገው ቁጥር አይደለም። ኩኪሱ 30 ስለቀረ፣ የፈለገ ሁሉ አግኝቶ 120 ፍሬ ተወሰደ ማለት እችላለሁ። ብራውኒው ግን 48 የተሸጠው 48 ስለነበረ ነው። 96 ቢኖር ስንት ይሸጥ እንደነበር ደብተሩ አይነግረኝም። ባዶ የቀረ ሳህን ምን ያህል እንደጎደለ አይናገርም። ስንት ሰዓት ላይ ባዶ እንደሆነ ብናውቅ ግን ፍንጭ ይሰጠናል። እኛ የምናውቀው በአጋጣሚ ነው፤ ብራውኒው ሲያልቅ መጋረጃው ገና እንዳልተከፈተ ሁላችንም ትዝ ይለናል። በ25 ደቂቃ 48 ሄዷል።

ታዲያ ሽያጩ በድምሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ በአምስት አባዝተን ወደ 240 ብራውኒ እንጋግር? እንዲህ ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር። አይሆንም። ሽያጩ እኩል አይፈስም። ሰው የሚገዛው በሦስት ማዕበል ነው፦ ሲገባ፣ በእረፍት፣ ሲወጣ። በመሀል ያለው ሰዓት ጠረጴዛው ጋ ዝንብ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ብራውኒ ያጣው ሰው በከፊል ኩኪስ ገዝቷል። ብራውኒው ሲበዛ የኩኪሱ ሽያጭ ትንሽ ይቀንሳል። እኔ ብራውኒውን ወደ እጥፍ ገደማ አደረስኩትና እዚያ ላይ አቆምኩ።

አሁን የሰዉ ቁጥር። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ ወረቀት ይልካል፤ ስንት ወንበር እንደምትፈልግ ሞልተህ ትመልሳለህ። ባለፈው ዓመት በወረቀት የተጠየቀው 310 ወንበር ነበር። የመጣው 260 ነው። ከመቶ 84 መሆኑ ነው። ሰው ወረቀት ሲሞላ አያቱንም አክስቱንም ይጨምራል። ዕለቱ ሲደርስ አያት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አክስትም ሥራ ይበዛባታል። ዘንድሮ የተጠየቀው 380 ነው። በዚያው ልክ ብናሰላው 320 ገደማ ሰው ይመጣል። ለካ በመጀመሪያው ረቂቄ ያሰፈርኩት 320 በግምት ልክ ነበር። የተሳሳተው ሁለት ሁለት የሚለው ነው።

በአንድ ሰው አንድ ፍሬ ላይ ትንሽ ጨመርኩ። ምክንያቶቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ያ የብራውኒ እጥረት ነው። ሁለተኛው ሰልፉ ነው። እረፍቱ 20 ደቂቃ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው ነበር የሚሸጠው። አንድ ገዢ መርጦ፣ ከፍሎ፣ መልስ ተቀብሎ እስኪሄድ 40 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ሻጭ በ20 ደቂቃ 30 ሰው ያስተናግዳል። ሁለቱ 60። ከ260 ሰው 60 ብቻ! ሌላው ሰልፉን አይቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ ማለት ነው። ሻጮቹን አራት ብናደርጋቸው 120 ይሆናል። ስለዚህ ለ10 ሰው 11 ፍሬ ብዬ ያዝኩ። 320 ሰው ካለ 352 ፍሬ።

በመጀመሪያ የጻፍኩት "1.1 ፍሬ በሰው" ብዬ ነበር። ሰብሳቢያችን "ነጥብ አንድ ኬክ ምን ዓይነት ነው? ፍርፋሪው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም ሳቀ። "ለ10 ሰው 11" ብዬ ስቀይረው ግን ማንም ጥያቄ አላነሳም።

352ቱን እንዲህ አከፋፈልኩት፦ ብራውኒ 90፣ ኩኪስ 145፣ ካፕኬክ 75፣ ተቆራጭ ኬክ 42። ተቆራጩን ጨርሶ ለማስቀረት እጄ አሳክኮኝ ነበር፤ ቂም ይዣለሁ። ግን ባለፈው ዓመት 34 ፍሬ ተሽጧል። ቸኮሌትም ክሬምም የማይወድ ሰው አለ። ችግሩ ኬኩ ሳይሆን 100 መሆኑ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ወረቀት ላይ ነው። አሁን ወጥ ቤት እንግባ።

ማንም ሰው 145 ኩኪስ አይጋግርም። የሚጋገረው በዙር ነው። አንድ ጊዜ ተቦክቶ፣ ተጋግሮ የሚወጣው አንድ ዙር ነው። ወላጅ ደውለህ "18 ካፕኬክ ጋግሪልን" አትልም፤ "አንድ ዙር" ነው የምትለው። ስለዚህ ቁጥሩ ሁሉ ወደ ዙር መቀየር አለበት። ለዚያ ደግሞ አንድ ዙር ስንት ፍሬ እንደሚወጣው ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮፖዛል የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሠራሩ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ቁጥር ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው።

ኩኪሱን እንየው። የእኛ የኩኪስ ሊጥ ሲመዘን 1,200 ግራም ነው። በ40 ግራም ሲድቦለቦል 30 ይወጣዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት "አንድ ዙር፣ 30" ብላ ተስማምታ 21 ይዛ መጣች። አልሰረቀችም፣ አልበላችም። በሾርባ ማንኪያ ቁልል አድርጋ ነው የዛቀችው። አንዱ 55 ግራም ገደማ ሆኖባታል። 1,200 ለ55 ሲካፈል 21 ከምናምን ነው። ኩኪሶቹ ቆንጆ፣ ትልልቅ ነበሩ፤ ሰው ቀድሞ ያነሳውም እነሱን ነው። ግን 9 ፍሬ ጎድሏል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ ከዙሩ ጎን ክብደቱን ጻፍኩ፦ "አንዷ ድቡልቡል 40 ግራም፤ የመጀመሪያዋን መዝኑ፣ ሌላውን በዓይን ከሷ ጋር አመሳስሉ።" ሁሉንም መዝኑ ብትል ማንም አይሰማህም።

በልክ ቢድቦለቦልም 30 አይደርስም። አንዱ ከትሪው ሲነሳ ይሰበራል። አንዱ ጥግ ላይ ያርራል። አንዱን ጋጋሪው ይቀምሳል፤ መቅመስም አለበት። እኔ 27 ብዬ ያዝኩ። ይህን ቁጥር "ሐቀኛው ቁጥር" እለዋለሁ።

ብራውኒ በ23 በ33 ሴንቲሜትር መጋገሪያ ይጋገራል። በአጭሩ በኩል 4፣ በረጅሙ 6 ሲቆረጥ 24 ይሆናል፤ አንዱ ቁራሽ 5 ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ሰው "ይቺ ናት?" ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው ቁራሽ ሁልጊዜ ይፈርሳል፤ ቢላው ከሥሩ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ነው። ሐቀኛው 22 ነው። ትኩሱን ከቆረጥከው ደግሞ 18ም ላይደርስ ይችላል። ብራውኒ ከነመጋገሪያው አድሮ፣ ቀዝቅዞ፣ በሙቅ ውሃ እየተነከረ በሚጠረግ ቢላ ነው የሚቆረጠው። ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት ተነጥፎ ጫፉ በጎን በኩል ከወጣ ደግሞ ሙሉው ተነስቶ እንጨት ላይ ይቆረጣል፤ ያኔ የመጀመሪያዋም ትተርፋለች።

ካፕኬክ አንዱ ዙር ባለ 12 ጉድጓድ ትሪ ሁለት ይሞላል፣ 24 ነው። ጉድጓዱ ሁለት ሦስተኛ መሞላት አለበት። ሰው ግን እጁ ይሰፋና ወደ አፉ ያደርሰዋል። ያኔ ሊጡ ይገነፍልና ካፕኬኮቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ የመጨረሻዎቹ ጉድጓዶችም ባዶ ይቀራሉ። 22 ብያለሁ። ተቆራጭ ኬክ 23 ሴንቲሜትር ርዝመት ካለው መጋገሪያ በሁለት ሴንቲሜትር ሲቆረጥ 11 ነው። ሁለቱ ዳር ቂጣዎች አይሸጡም ማለት ይቻላል፤ አንዱን ቀጠን አድርገህ ትሸጠዋለህ፣ አንዱን ትበላዋለህ። 10።

አሁን ማካፈል ነው። ብራውኒ 90 ለ22፣ አራት ዙር ከትንሽ። ኩኪስ 145 ለ27፣ አምስት ዙር ከሲሶ በላይ። ካፕኬክ 75 ለ22፣ ሦስት ዙር ከግማሽ ያነሰ። ተቆራጭ 42 ለ10፣ አራት ዙር ከትንሽ። ሁሉም ትርፍራፊ አለው። ይህ ትርፍራፊ ወደ ላይ ይጠጋጋ ወይስ ወደ ታች? የሰው ደመ ነፍስ "እንዳያንስ" ነው። አራቱንም ወደ ላይ ብናጠጋጋ ብራውኒ 5 ዙር፣ ኩኪስ 6፣ ካፕኬክ 4፣ ተቆራጭ 5 ይሆናል። በፍሬ 410 ነው። ከምንፈልገው በ58 ይበልጣል። ማንም በድፍረት "58 ትርፍ እንጋግር" አላለም። ከአራት ትንንሽ "እንዳያንስ" ተጠራቅሞ ነው የመጣው።

እኔ ያጠጋጋሁት በመቆየቱ ነው። ኩኪስ በደንብ በሚዘጋ ቆርቆሮ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ እሱን ወደ ላይ፣ 6 ዙር። የእኛ ካፕኬክ ላዩ ላይ በወተት ክሬም ነው የሚሠራው። ከፍሪጅ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ የተረፈውም ለነገ አይሆንም። እሱን ወደ ታች፣ 3 ዙር። ብራውኒና ተቆራጩ ከሙሉው የሚያልፉት በጥቂት ፍሬ ስለሆነ አራት አራት። ውጤቱ ብራውኒ 88፣ ኩኪስ 162፣ ካፕኬክ 66፣ ተቆራጭ 40፤ ድምር 356 ነው። ከ352 የሚበልጠው በ4 ፍሬ ብቻ ነው። ዙሩ 17።

በስብሰባው ላይ አንድ አባት "17 ዙር ምን ያደርጋል? እጥፍ እጥፍ እያደረጋችሁ በ8 ወይም በ9 ጨርሱት" አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሳይጋግሩ የኖሩ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ነው። ለኩኪስ ልክ ናቸው። እንዲያውም ይሻላል። አንድ ትሪ የሚይዘው 12 ነው። አንድ ዙር ሁለት ተኩል ትሪ ይሆንና ሦስተኛው ትሪ በግማሹ ባዶ ይገባል። ሁለት ዙር ግን 60 ነው፣ ልክ አምስት ትሪ። እያንዳንዱ 12 ደቂቃ፤ ከማስገባቱና ከማውጣቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሁለት ትሪ ሊኖርህ ይገባል፤ በጋለ ትሪ ላይ ሊጥ ካስቀመጥክ ቅቤው ኦቨን ሳይገባ ይቀልጥና ኩኪሱ እንደ ቂጣ ይዘረጋል።

ለካፕኬክ ግን አይሆንም። ቤኪንግ ፓውደር እርጥብ ሲነካው ሥራ ይጀምራል። ከፊሉን ጉልበት ለኦቨኑ ሙቀት ያቆያል፤ ግን ሊጡ ሳህን ውስጥ ተራ እየጠበቀ በቆየ ቁጥር አረፋው ያልቃል። ሁለቱ ትሪ እስኪወጣ ተራ የጠበቀው ሁለተኛው ዙር ጠፍጠፍ፣ ጠጠር ያለ ይሆናል። በአንድ ቤት ከአንድ ዙር በላይ ካፕኬክ አንጠይቅም ያልኩት ለዚህ ነው። ብራውኒ ደግሞ እጥፉን በአንድ መጋገሪያ ካፈሰስከው ይወፍርና ዳሩ ሲደርቅ መሀሉ ሊጥ ይሆናል። ሁለት መጋገሪያ ካለህ ብቻ። ተቆራጩ ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ ኦቨን ውስጥ ይገባሉ፤ እሱ ችግር የለውም። አባትየው አዳምጠው "ይሄ ነገር ኬሚስትሪ ነው እንዴ?" አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። 320 የተባለው 250 ቢሆንስ? ለ10 ሰው 11 ስንል 275 ነው። 81 ፍሬ ይተርፋል። መኪናዬ ውስጥ። ስለዚህ 17ቱን ዙር ለሁለት ከፈልኩት። 15ቱ ቁርጥ ናቸው፤ 302 ፍሬ። ሁለቱ የኩኪስ ዙሮች ግን ተቦክተው፣ ተድቦልቡለው፣ እኔ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣሉ። የመጨረሻው የወንበር ቆጠራ ሲመጣ ወይ ይጋገራሉ ወይ ይቀራሉ። የኩኪስ ሊጥ ከበረዶው እንደወጣ ይጋገራል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር ብቻ ነው። ከአራቱ ዓይነት ለዚህ የተመቸው እሱ ብቻ ነው። ኩኪሱን ወደ ላይ ያጠጋጋሁበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

ጋጋሪዎቹን ስመድብ አንድ ዓይነት በአንድ ቤት ብቻ እንዳይሆን አደረግሁ። ልጅ ይታመማል፣ ኦቨን ይበላሻል፣ መብራት ይሄዳል። ብራውኒ ሁለት ቤት፣ ሁለት ሁለት። ኩኪስ ሁለት ቤት፣ ሁለት ሁለት። ካፕኬክ ሦስት ቤት፣ አንድ አንድ። ተቆራጭ ሁለት ቤት፣ ሁለት ሁለት። ዘጠኝ ቤት፣ ከኔ ፍሪዘር ጋር አሥር። በየዕቃው ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ ወይም ለውዝ እንዳለው ይጻፍ የሚል መስመርም አለ፤ እሱ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ፕሮፖዛሉ በመጨረሻ አንድ ገጽ ሆነ። ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል፦

የሚጠበቅ ሰው፦ 320። የሚያስፈልግ ፍሬ፦ 352 (ለ10 ሰው 11)።
ብራውኒ፦ 4 ዙር፣ በዙር 22፣ ድምር 88። ከዋዜማው በፊት ይጋገር፣ ቀዝቅዞ ይቆረጥ።
ኩኪስ፦ 4 ዙር ቁርጥ፣ 2 ዙር በፍሪዘር፣ በዙር 27፣ ድምር 108 ወይም እስከ 162።
ካፕኬክ፦ 3 ዙር፣ በዙር 22፣ ድምር 66። በዕለቱ ክሬም ይቀባ።
ተቆራጭ ኬክ፦ 4 ዙር፣ በዙር 10፣ ድምር 40። በዋዜማው ይጋገር።
ሻጭ፦ 4 ሰው። ከመጋረጃው በፊት ከየዓይነቱ ሲሶው ብቻ ይውጣ።

የመጨረሻዋ መስመር ላይ ገንዘብ ያዣችን "ደንበኛ እያየ እንዴት እንደብቃለን?" አለች። እውነቷን ነው፣ ያሳፍራል። ግን ባለፈው ዓመት ብራውኒውን የጨረሱት ቀድመው የደረሱት ናቸው። በእረፍት የወጡት ደግሞ እነዚያ ልጆቻቸው መድረክ ላይ ስለሆኑ ከኋላ ሲያለብሷቸው የነበሩ ወላጆች ነበሩ። እንደዚህ ስላት ዝም አለች። ከዚያ "በሰማያዊ ጨርቅ እንሸፍነው" አለች።

በዋዜማው የመጨረሻው የወንበር ቁጥር 365 ሆኖ መጣ። በ84 ከመቶ 307 ሰው ነው፤ 338 ፍሬ ያስፈልጋል። በእጃችን የሚገባው 302 ነው። አንድ ዙር ስንጨምር 329፣ ሁለት ስንጨምር 356። ለሰብሳቢያችን ደወልኩ። "9 ፍሬ ቢያንስ ማን ይሞታል?" አሉኝ። አንዱን ዙር ጋገርኩ፣ አንዱ ፍሪዘር ውስጥ ቀረ።

በዕለቱ 297 ሰው መጣ። ጠረጴዛው ላይ የደረሰው 331 ፍሬ ነው፤ ሁለት ቤት ከሐቀኛው ቁጥር አንድ አንድ ኩኪስ አሳልፈው አመጡ፣ ተመስገን። 309 ተሸጠ። ለ10 ሰው 11 ብዬ ነበር፣ 10 ተኩል ገደማ ሆነ። ብራውኒው ሊዘጋ 15 ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። ካፕኬክ 2፣ ኩኪስ 9 ቀረ። ተቆራጭ ኬክ 11።

ዘንድሮ ገንዘብ ያዣችን ደብተሯ ላይ አንድ መደብ ጨምራለች፦ "ያለቀበት ሰዓት"። ከብራውኒው ጎን ሰዓቱን ጽፋለች። ከተቆራጩ ጎን ደግሞ ለከርሞ በእርሳስ "3 ዙር" ብላ አስቀምጣ፣ ከሥሩ አስምራበታለች።

ፍሪዘር ውስጥ የቀሩት 30 ድቡልቡሎች አሁንም እያለቁ ነው። ልጄ ማታ ማታ ሁለት ታወጣለች፣ አንዷ ለኔ ናት። ትናንት ስቆጥራቸው 14 ናቸው።